ስልኬ «ተሳክቷል» አለ፣ ሻጩ «አልገባም» አለ፦ ገንዘቡ በዚህ መካከል የት ነበር?

መርካቶ ውስጥ ካለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ሂሳቡ 4,850 ብር ሆነ። ባንኮኒው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በባንኬ መተግበሪያ አነበብኩ፣ መጠኑን ጻፍኩ፣ የምሥጢር ቁጥሬን አስገባሁ። ማያው አረንጓዴ ሆነና «ክፍያዎ በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወዲያው ከሂሳቤ ገንዘቡ መቀነሱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ወጣቱ ሻጭ የራሱን ስልክ አየ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ደግሞ አየ።

«አልገባም» አለኝ።

ስልኬን አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝና «አይቼዋለሁ፣ አንተን ሐሰተኛ አላልኩህም። እኔ ጋ ግን አልገባም» አለ።

ከኋላዬ ሰው ቆሟል፣ ቀለሙ ታስሮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል፣ ገንዘቡ ከእኔ ወጥቷል፣ እርሱ ጋ ግን አልደረሰም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ሰዎች በቀላሉ ይጣላሉ። ገዢው ሻጩ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍለኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ሻጩ ደግሞ ይህ ሰው በተቀነባበረ ምስል ሊያታልለኝ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እውነታቸው የማይገናኘው እያንዳንዳቸው የሚያነቡት የተለያየ መዝገብ ስለሆነ ነው። የእኔ ስልክ የሚናገረው ስለ እኔ ሂሳብ ነው፤ የሻጩ ሂሳብ ምን እንደሆነ አያውቅም። መተግበሪያው «ተሳክቷል» ሲል፣ በአብዛኛው የምናነበው «ገንዘቡን ከአንተ ወስጄ ልኬዋለሁ» የሚለውን ነው። ሻጩ መስማት የሚፈልገው ግን «ለእኔ ተመዘገበ» የሚለውን ነው። የእነዚህ የሁለቱ ርቀት እንደ ክፍያው ዓይነት ከምንም እስከ ቀናት ይደርሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ መለየት ያለበት ያልደረሰው ገንዘቡ ነው ወይስ ወሬው የሚለው ነው።

አንድ ቤት እና ሁለት ቤት

ከፋዩም ሻጩም በአንድ ተቋም ውስጥ ሂሳብ ካላቸው ነገሩ ቀላል ነው። ከቴሌብር ወደ ቴሌብር ነጋዴ ስትከፍሉ፣ ወይም ከንግድ ባንክ ሂሳብ ወደ ንግድ ባንክ ሂሳብ ስትልኩ፣ መዝገቡ አንድ ነው። ከእናንተ መቀነሱና ለሻጩ መጨመሩ በአንድ የሂሳብ ሥራ ይጻፋሉ፤ አንዱ ተጽፎ ሌላው እንዲቀር ሆኖ አልተሠራም። እንዲህ ባለው ክፍያ ደረሰኙ እውነተኛ ከሆነና የተቀባዩ ቁጥር ትክክል ከሆነ ገንዘቡ ገብቷል ማለት ይቻላል። የጎደለው ወሬው ነው።

ወሬው የሚጎድልበት መንገድ ደግሞ ብዙ ነው። አጭር መልእክት በኔትወርክ መጨናነቅ ይዘገያል። የሻጩ ስልክ ተዘግቶ ይሆናል። በጣም የተለመደው ግን ይህ ነው፦ መልእክቱ የሚሄደው ለሂሳቡ ባለቤት ወደ ተመዘገበው ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሱቁ ውስጥ የለም። ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ የራሷን ስልክ ብታገላብጥ ምንም አታገኝም፤ መልእክቱ የገባው ሐዋሳ ለዕቃ ግዢ በሄደው አሠሪዋ ኪስ ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ 600 ብር ገብቷል?» ብላ ትደውላለች፤ እርሳቸው መኪና እየነዱ ከሆነ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ የነጋዴ ሂሳብና የግል ሂሳብ መለያየታቸው ነው። በሞባይል ገንዘብ ለነጋዴነት የተሰጠው ቁጥር የራሱ ቀሪ ሂሳብ አለው፤ ሻጩ የግል ቀሪ ሂሳቡን ከፍቶ «አልጨመረም» ቢል ትክክል ነው፣ የሚያየው ግን ሌላ ኪስ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ሁለት ቤት ሲሆን ነው። የእኔ ሂሳብ በአንድ ባንክ፣ የመደብሩ ደግሞ በሌላ ባንክ ነበር። በአገራችን እንዲህ ያለውን ክፍያ የሚያስተላልፈው በባንኮች ባለቤትነት የተቋቋመው ኢትስዊች ነው። የእኔ ባንክ ከሂሳቤ 4,850 ብር ይቀንሳል፤ ለዚህ ሻጭ ይህን ያህል ክፈል የሚል መልእክት ለኢትስዊች ይልካል፤ ኢትስዊች ወደ ሻጩ ባንክ ያሳልፋል፤ የሻጩ ባንክ ለሻጩ መዝግቦ «ተቀብያለሁ» የሚል መልስ በዚያው መንገድ ይመልሳል። ሁሉም ነገር ሲሰምር ይህ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። በዚያች ቅጽበት ከባንክ ወደ ባንክ የሚሄደው መልእክት ብቻ ነው፤ ባንኮቹ እርስ በርስ ያለባቸውን ዕዳ አጣፍተው ልዩነቱን የሚከፍሉት ኋላ በብሔራዊ ባንክ በኩል ነው። ስለዚህ በመንገድ የሚጠፋ ነገር ካለ የሚጠፋው መልእክት ነው።

ዝምታው

አሁን የእኔ ባንክ መልእክቱን ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው እንበል። የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ፤ መልስ የለም። ምን ሆነ?

አንድ ሊሆን የሚችለው፣ ጥያቄው የሻጩ ባንክ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። መስመሩ ተቋርጦ ነበር፣ ወይም የሻጩ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ደቂቃ ወድቆ ነበር። ገንዘቡ ከእኔ ተቀንሷል፣ ለሻጩ አልተመዘገበም፤ ወደ እኔ መመለስ አለበት። ሌላው፣ ጥያቄው ደርሷል፣ ለሻጩም ተመዝግቧል፤ የጠፋው መልሱ ነው። ገንዘቡ ደርሷል፤ ወደ እኔ መመለስ የለበትም። ሦስተኛው፣ ጥያቄው ደርሷል፣ ነገር ግን የሻጩ ባንክ ወረፋ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወይም ነገ ይመዘግበዋል።

ችግሩ ከእኔ ባንክ መስኮት ሲታዩ ሦስቱም አንድ መልክ ያላቸው መሆኑ ነው፤ ሦስቱም ዝምታ ናቸው። ይህ ነጥብ ከተረዳን ብዙ የሚያናድዱን ነገሮች ምክንያታቸው ይገለጣል። ለምሳሌ ደንበኛው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ካልደረሰ ለምን ወዲያው አይመልሱልኝም?» የሚለው ነው። ባንኩ በዝምታው ላይ ተመሥርቶ ወዲያው ቢመልስና ኋላ ነገሩ ሁለተኛው ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩም ገንዘቡን አግኝቷል፣ ገዢውም ገንዘቡን አስመልሷል፤ የ4,850 ብሩን ጉድለት ባንኩ ይሸከማል። ስለዚህ እርግጠኛ እስኪሆን ገንዘቡን በመካከለኛ ሂሳብ ያቆየዋል። ገንዘቡ «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ ከእኔ ሂሳብ ወጥቶ፣ የሻጩ ሂሳብ ሳይደርስ፣ ባንኩ ራሱ ውስጥ መልስ በሚጠብቅ ሂሳብ ላይ ተቀምጧል።

እርግጠኛ የሚሆነው ሂሳብ በማስታረቅ ነው። የቀኑ ሥራ ሲዘጋ አስተላላፊው ተቋም በዚያ ቀን ያለፉትን ክፍያዎች ዝርዝር ለየባንኩ ይልካል። የእኔ ባንክ «ልኬያለሁ» ካለው ጋር፣ የሻጩ ባንክ «መዝግቤያለሁ» ካለው ጋር ይተያያል። የሚገጥመው ያልፋል፤ የማይገጥመው ተነጥሎ ይወጣና ወይ ለሻጩ ይመዘገባል፣ ወይ ለከፋዩ ይመለሳል። የተነጠሉትን መመርመር ደግሞ በከፊል የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ባለበት ሁሉ የሥራ ቀን ይጠበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተንጠለጠለ ክፍያ ማክሰኞ ድረስ ቢቆይ፣ በዓል ከገባበትም ከዚያ በላይ ቢሄድ የሚገርም አይደለም።

መተግበሪያው በዝምታው ጊዜ ምን ማሳየት አለበት? ሐቀኛው መልስ «በሂደት ላይ ነው፣ ከሂሳብዎ ተቀንሷል፣ ለተቀባዩ መድረሱ አልተረጋገጠም» የሚል ነው። አንዳንዶቹ ይህን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ግን ከሂሳባችሁ ቀንሰው መልእክቱን ሲልኩ አረንጓዴውን ያበራሉ። እኔ ይህን እንደ ትንሽ የቃላት ጉዳይ አላየውም። ባንኮኒ ላይ ቆመው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የሚካሰሱት በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ነው፤ ቃሉን የመረጠው ተቋም ግን በቦታው የለም።

ወደ መርካቶው መደብር ልመለስ። ወጣቱ ሻጭ «ለጊዜው በጥሬ ገንዘብ ክፈልና ያኛው ሲመለስልህ ትወስዳለህ» አለኝ። ቅንነቱን አልጠራጠርም፤ ያልኩት ግን እሺ አይደለም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሁኔታ ከሆነ ገንዘቡ ወደ እኔ አይመለስም፤ ወደ እርሱ ይገባል። ያኔ ሁለት ጊዜ የከፈልኩ እኔ፣ ሁለት ጊዜ የተቀበለ እርሱ እንሆናለን፤ የእኔ ባንክ ደግሞ «ክፍያው ደርሷል» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ገንዘቤን የማገኘው ከሻጩ እጅ ብቻ ነው። ይህን አስረዳሁት። ተስማማንና ዕቃው እዚያው ታስሮ ቀረ፤ በሽያጭ ወረቀቱ ጀርባ የክፍያውን ቁጥር፣ መጠኑን፣ ሰዓቱንና የእኔን ስልክ ጽፎ ፈረመበት፣ እኔም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ደወለልኝ፤ «ወንድሜ፣ አሁን ገባ» አለኝ። ነገሩ ሦስተኛው ነበር ማለት ነው። ትናንት በጥሬ ገንዘብ ደግሜ ብከፍል ኖሮ ያን ጠዋት 4,850 ብሬን ከእርሱ የምለምን ሰው እሆን ነበር።

በጥሬ ገንዘብ ደግሞ መክፈል ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምግብ ከበላችሁ ወይም ታክሲ ከተሳፈራችሁ ዕቃ አስቀምጦ መሄድ አይቻልም። ያኔ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ በጽሑፍ፣ ቢያንስ በአጭር መልእክት «የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ እመልሳለሁ» ይበላችሁ፤ የክፍያው ቁጥርም በዚያው መልእክት ውስጥ ይግባ።

ደረሰኙን ማንበብ

ሻጩ ምስል አላምንም ቢል መብቱ ነው፤ ልክም ነው። የስክሪን ፎቶ በስልክ ላይ በደቂቃ ውስጥ ይቀነባበራል፤ የሌላ ቀን ደረሰኝ ስሙና መጠኑ ተቀይሮ ይቀርባል፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክትም ከተራ ቁጥር ይላካል። ብዙ ነጋዴ በዚህ ተቃጥሏል። ነገር ግን እውነተኛ ደረሰኝ ከሐሰተኛው የሚለይበት፣ እውነተኛውም ቢሆን ምን ያህል እንደሚያስረዳ የሚታወቅበት መንገድ አለ።

የንግድ ባንክን የክፍያ ቁጥር እንውሰድ። `FT` ብሎ ይጀምርና ሁለት አሃዝ ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሦስት አሃዞች ቀኑን ይናገራሉ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። `FT25074` ብሎ የሚጀምር ቁጥር እ.ኤ.አ. የ2025 ሰባ አራተኛ ቀን ነው፤ ማርች 15፣ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሻጩ ዛሬ የተከፈለ ነው ተብሎ የቀረበለት ደረሰኝ ቁጥሩ ካለፈው ወር ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ከገጠመ ደግሞ ደረሰኙን በባንኩ ገጽ ላይ መክፈት ይቻላል፤ አድራሻው `apps.cbe.com.et` ላይ ነው። የቴሌብር ደረሰኝ የሚከፈተው በ`transactioninfo.ethiotelecom.et` ነው። ሻጩ ይህን በራሱ ስልክ ይክፈተው፤ የገዢው ስልክ ላይ የተከፈተ ገጽ ወይም ገዢው የላከው ማስፈንጠሪያ የባንኩን የሚመስል እንጂ የባንኩ ላይሆን ይችላል። አድራሻውን ፊደል በፊደል ማየት ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ደረሰኙ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ከፋዩና ሻጩ በአንድ ቤት ከሆኑ ክርክሩ አለቀ። በሁለት ቤት ከሆኑ ግን ደረሰኙ የሚያረጋግጠው የከፋዩን ባንክ ቃል ብቻ ነው፤ የሻጩ ሂሳብ ላይ ስለመግባቱ ማስረጃ አይሆንም። ለሻጩ ማስረጃ የሚሆነው የራሱ የሂሳብ ዝርዝር ነው። ቀሪ ሂሳብ ብቻ ማየት አይበቃም፤ በመካከል ሌላ ሽያጭ ገብቶ፣ ሌላ ወጪ ወጥቶ ይሆናልና። የገቢዎቹን ዝርዝር ከፍቶ መጠኑንና ሰዓቱን መፈለግ ነው።

ሰዓት ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። ደረሰኙ 15:42 ይላል፤ ሻጩ በእኛ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት ከ42 ጋር ሳያያይዘው «በ3 ሰዓት የገባ የለም» ይላል። ቀኑም በፈረንጅ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድን ገቢ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ሳያዩት ሲቀሩ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥሩ ራሱ ነው። የእኔ ባንክ የሰጠኝ ቁጥር የእኔ ባንክ መዝገብ ቁጥር ነው። የሻጩ ባንክ ለዚያው ክፍያ የራሱን ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ሻጩ የእኔን ቁጥር ይዞ ወደ ባንኩ ቢሄድ ሠራተኛው ፈልጎ «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» ሊለው ይችላል፤ ያ ማለት ክፍያው የለም ማለት አይደለም። ሁለቱን ባንኮች የሚያገናኘው አስተላላፊው ተቋም በመካከል የያዘው የማመሳከሪያ ቁጥር ነው። ደረሰኙ ላይ ከታየ እርሱን ያዙ፤ ካልታየ ከባንካችሁ ጠይቁ፤ ለሻጩ የምትሰጡትም እርሱን ይሁን።

ሌላ ሰው ጋ ገብቶ ቢሆንስ?

እስካሁን ያየነው ወደ ትክክለኛው ሰው የተላከ ገንዘብ ነው። አንዳንዴ ገንዘቡ በሰላም ደርሶ፣ የደረሰው ግን ሌላ ሰው ጋ ነው። ሻጩ የቀየረው አሮጌ ሂሳብ ኮድ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ በራሱ ስም ያወጣው ኮድ ይሆናል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዋናው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ይሆናል።

ኪውአር ኮድ ምሥጢር የለውም፤ በካሬዎች የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ባንኮች እርስ በርስ እንዲነበብላቸው የሚያትሙት ኮድ በአብዛኛው ኢኤምቪ የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ይከተላል። በተራ የኮድ ማንበቢያ ብታዩት ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ይወጣል፤ በውስጡ እነዚህ ይገኛሉ፦

```
010211
5303230
5802ET
```

የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ ያለው 11 ኮዱ የማይለወጥ፣ አንድ ጊዜ ታትሞ ለሁሉም ደንበኛ የሚያገለግል መሆኑን ይገልጻል። 230 የብር ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነው፤ `ET` ኢትዮጵያ። መጠን የለበትም፤ ስለዚህ ነው መጠኑን እኛ የምንጽፈው፣ 4,850 ለማለት 4,580 የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአንድ ሽያጭ ብቻ የሚሠራ ኮድ ከሆነ ግን እንዲህ ይላል፦

```
010212
54074850.00
```

12 ለአንድ ጊዜ ብቻ የተዘጋጀ ማለት ነው፤ 54 የመጠኑ መለያ፣ 07 የሚከተሉት ሆሄያት ብዛት፣ ቀጥሎ መጠኑ ራሱ። ይህኛው በሻጩ ስልክ ወይም መክፈያ ማሽን ላይ በየሽያጩ የሚወጣ ስለሆነ ማንም መጥቶ በላዩ የሚለጥፍበት ወረቀት የለም፤ ክፍያውም ከዚያች ሽያጭ ጋር ስለሚታሰር «የቱ ደንበኛ ነው የከፈለው?» የሚባል ነገር አይኖርም።

የሻጩ ስምም በኮዱ ውስጥ ይጻፋል። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፤ በኮዱ ውስጥ የተጻፈ ስም ኮዱን ያዘጋጀው ሰው የጻፈው ነው፤ በባንክ ከተመዘገበው የሂሳብ ባለቤት ስም ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። መተግበሪያው ከመክፈላችሁ በፊት ስም ሲያሳያችሁ ለሻጩ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ያለውን የተቀባይ ስምና የሂሳቡን የመጨረሻ አሃዞች አሳዩት። «ይህ የእኔ አይደለም» ካለ የምትፈልጉት የተንጠለጠለ ገንዘብ አይደለም፤ በተሳሳተ ሂሳብ ላይ ያረፈ ነው። ያኔ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ተቀባዩ አውጥቶ ሳይጨርሰው ለባንካችሁ ደውላችሁ ማሳወቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው የባንክና የፖሊስ ጉዳይ ነው። ሻጩም ቢሆን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የራሱን ወረቀት በሌላ ስልክ አንብቦ፣ ስሙ ሲወጣ ሳይከፍል ቢዘጋው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኮድ የእርሱ ነው፤ ደንበኛው «እዚህ ክፈል» የተባለበት ቦታ ከፍሎ ገንዘቡ ሌላ ጋ ቢሄድ ኪሳራውን በደንበኛው ላይ መጣል ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አቤቱታው የት ይሂድ?

ገንዘቡ ከተንጠለጠለ አቤቱታውን የሚያቀርበው ከፋዩ ነው፤ የሚያቀርበውም ለራሱ ባንክ ወይም ለራሱ የሞባይል ገንዘብ ድርጅት ነው። ገንዘቡን የወሰደው እርሱ ነው፤ «ልኬያለሁ» የሚለውም እርሱ ነው። የሻጩ ባንክ ያልተመዘገበለትን ነገር ሊመረምር የሚችልበት ጫፍ የለውም። ብዙ ሰው ግን ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ሻጩን ወደ ሻጩ ባንክ ልኮ ሁለት ቀን ያጠፋል።

በስልክ መናገር ይቻላል፤ ቴሌብር 127 ላይ፣ ንግድ ባንክ 951 ላይ ይደወልላቸዋል። ሲደወል የአቤቱታ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አለመዝጋት ነው። ከስልኩ ይልቅ ግን ጽሑፍ ይሻላል፤ ጥያቄውም «ገንዘቤ የት ገባ» ከሚለው ይልቅ እንዲህ ቢጠበብ መልሱ ይፈጥናል፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቁጥር ከሂሳቤ የወጣው 4,850 ብር ከተቀባዩ ባንክ የመቀበያ መልስ አግኝቷል? ካገኘ የማመሳከሪያ ቁጥሩን፣ ካላገኘ የሚመለስበትን ቀን ግለጹልኝ»። ይህ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ መመለስ የሚችል ነው። «ክፍያው ተሳክቷል» የሚል መልስ ብቻ ከሰጧችሁ አልመለሱላችሁም፤ ስልካችሁም ያንኑ ነው ያላችሁ። መልሱ ካላረካችሁ በብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ መሠረት ተቋሙ አቤቱታ የሚያስተናግድበት ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው ጉዳይ ለራሱ ለብሔራዊ ባንኩ ይቀርባል።

ሕንድ ይህን ጉዳይ ከደንበኛው ትዕግሥት ላይ አንሥታ በቀን ቆጥራዋለች። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ዩፒአይ በተባለው የአገሪቱ የስልክ ክፍያ ሥርዓት ለነጋዴ ተከፍሎ ከደንበኛው ሂሳብ ተቀንሶ ነጋዴው ጋ ማረጋገጫው ካልደረሰ ገንዘቡ ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ በራሱ እንዲመለስ ደነገገ። ካለፈ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን 100 ሩፒ ለደንበኛው ካሳ ይከፈላል፤ ደንበኛው እስኪያመለክት አይጠበቅም። አምስቱ ቀን የተሰጠው ከላይ ባየነው ዝምታ ምክንያት ነው፤ ለማስታረቅ ጊዜ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው መዘግየት ግን ዋጋው በተቋሙ ላይ ነው። በሱቆቹ ባንኮኒ ላይ ደግሞ ገንዘቡ ለነጋዴው ሲመዘገብ መጠኑን በድምፅ የምትናገር ትንሽ ሳጥን ተለምዳለች፤ ሻጩ ስልክ አያገላብጥም፣ ገዢውም ምስል አያሳይም፣ ሁለቱም አንድ ወሬ አንድ ላይ ይሰማሉ።

እኛ አገር ነዳጅ ቀጂው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሁሉ ኮድ ለጥፈዋል። ከዚህ ከሕንድ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ብንወስድ ለእኔ በቂ ነበር፦ የተንጠለጠለ ገንዘብ የሚመለስበት በቀን የተቆጠረ ጊዜ፣ ካለፈም ካሳ። ሦስተኛውን ለመጨመር ሕግ እንኳ አያስፈልግም፤ መልስ ያላገኘን ክፍያ አረንጓዴ አለማድረግ ነው። በዚያን ቀን ስልኬ ቢጫ ሆኖ «ከሂሳብዎ ወጥቷል፣ ለተቀባዩ መድረሱን እየጠበቅን ነው» ብሎኝ ቢሆን፣ ወጣቱ ሻጭ «አንተን ሐሰተኛ አላልኩህም» ማለት ባላስፈለገው ነበር።